በዲግሪ ላይ የጎደለች አንዲት ፊደል፦ ለሬጅስትራር የተጻፈ የስም ማረሚያ ማመልከቻ

ባለጉዳይዋን እዚህ መሠረት ፀጋዬ ወልደጊዮርጊስ እላታለሁ። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ የስህተቱ ዓይነት፣ የወረቀቶቿ ቅደም ተከተልና የደብዳቤው ይዘት ግን እንዳለ ነው። የተማረችበትን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ሆነ የቀጠራትን ባንክ በስም አልጠራም። ዩኒቨርሲቲው ከድሬዳዋ ውጭ መሆኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል፤ ማመልከቻዋ በተመለሰ ቁጥር ልጅቷ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መንገድ መውጣት ነበረባት። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሌላ የትምህርት ተቋም ሬጅስትራር ውስጥ በሪከርድ ክፍል ሠርቻለሁ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ከወዲያኛው በኩል እንዴት እንደሚነበብ አውቃለሁ።

መሠረት በአካውንቲንግ በ2015 ዓ.ም ተመርቃለች። መጀመሪያ ጊዜያዊውን ዲግሪ ወሰደች፤ ቆይታም የወጪ መጋራቱን ከፍላ ኦሪጅናሉን ተቀበለች። ዲግሪው እንደተለመደው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመ ነው። በአማርኛው በኩል ስሟ ትክክል ነው። በእንግሊዝኛው በኩል ግን Meseret መሆን ሲገባው Mesert ይላል። ጊዜያዊውም ያው ነው። ልብ አላለችውም፤ እሷ ብቻ ሳትሆን በምረቃው ቀን ዲግሪውን እጅ በእጅ የተቀባበሉት ቤተሰቦቿም ሁሉ አላዩትም። ሰው የገዛ ስሙን ፊደል በፊደል አያነብም፤ ዓይኑ የሚያውቀውን አይቶ ያልፋል።

ያየው ባንኩ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ ቅርንጫፍ ተቀጥራ ፋይሏ ሲደራጅ፣ የሰው ሀብት ሠራተኛው ዲግሪዋን ከፋይዳ መታወቂያዋ ጋር አስተያየና አንድ ፊደል ጎድሎ አገኘ። «ዲግሪው ላይ ያለችው አንቺ መሆንሽን ዩኒቨርሲቲው ይጻፍልን» አላት። ቅጥሯ ገና በሙከራ ላይ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ባንኩም ፋይሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ እንዲሟላ ፈለገ። ችኮላው የመጣው ከዚህ ነው፤ የመጀመሪያዋን ማመልከቻ ያበላሸውም ይኸው ችኮላ ነው።

ያቺን የመጀመሪያ ማመልከቻ ቅጂዋን አሳይታኛለች። አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያዘጋጀላት ናት። ግማሹ ገጽ ልመና ነው፤ የቤተሰቧ ችግር፣ ሥራ ፍለጋ ያየችው መከራ፣ የዩኒቨርሲቲው ውለታ ተዘርዝሯል። ፍሬ ነገሩ መጨረሻ አካባቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጣ፦ «ስሜ በፓስፖርቴና በፋይዳ መታወቂያዬ ላይ ባለው መሠረት እንዲቀየርልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።» ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የአያቷም ስም በፓስፖርቱ Weldegiorgis ስለሚል ዲግሪው ላይ ያለው Woldegiorgis አብሮ እንዲስተካከል፣ በአማርኛውም በኩል ፀጋዬ የሚለው በጸሎቱ «ጸ» እንዲሆን ተጠይቋል። የተያያዙት የፓስፖርት፣ የፋይዳና የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ኮፒዎች ናቸው።

ማመልከቻዋ በኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎባት ተመለሰች፦ «የስም ለውጥ ከሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይቅረብ።»

ወደ እኔ የመጣችው ያኔ ነው። «አቦ ጋሼ፣ አንዲት ፊደል ለማስገባት ፍርድ ቤት ልቁም?» አለችኝ። ሠራተኛው አስቸጋሪ ሰው መስሏት ተናዳለች። እኔ ግን ወረቀቷን ካነበብኩ በኋላ በሰውየው አልፈረድኩም፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የምጽፈው።

ምክንያቱን ላስረዳ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሬጅስትራር ዘንድ ስምን ማረምና ስምን መለወጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ስም መለወጥ ማለት ሰውየው ሲመዘገብ የነበረው ስም ትክክል ሆኖ ሳለ ዛሬ ሌላ ስም ልያዝ ሲል ነው። ይህ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚገዛ፣ በፍርድ ቤት የሚያልቅ ነገር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ሥልጣን የተመራቂን ስም መለወጥ አይችልም። ማረም ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ መዝግቦ የያዘውን ስም ሲያትም ስለሳተ፣ የታተመውን ወደ መዝገቡ መመለስ ነው። ለዚህ ፍርድ ቤት አያስፈልግም፤ መዝገቡን መግለጥ ይበቃል። መሠረት የፈለገችው ሁለተኛውን ነው። የጻፈችው ግን የመጀመሪያውን ነው።

ማስረጃዎቹም ያንኑ ስህተት ያጠናክሩ ነበር። የሪከርድ ሠራተኛ የሚፈራው አንድ ነገር አለ፤ የሌላ ሰው ዲግሪ ይዞ የሚመጣን ሰው። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ መታወቂያውን ዲግሪው ላይ ወዳለው ስም ያስጠጋል፤ ያ ካልሆነለት ደግሞ ዲግሪውን ወደ መታወቂያው ለማምጣት ይሞክራል። ስለዚህ ከምረቃ በኋላ የወጣ መታወቂያ፣ ፋይዳም ይሁን ፓስፖርት፣ ባለቤቱ ዛሬ በምን ስም እንደሚጠራ ይናገር እንጂ ያኔ በምን ስም እንደተማረ አያረጋግጥም። የመሠረት ሦስቱም ማስረጃዎች ከ2015 ዓ.ም በኋላ የወጡ ነበሩ። ሬጅስትራር የሚያምነው ተማሪው ከመግባቱ በፊት የነበረን ወረቀት ነው፤ ከሱም በላይ የሚያምነው የራሱን ወረቀት ነው።

ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፋችን በፊት ቤት ሄዳ ያላትን የትምህርት ወረቀት በሙሉ እንድታመጣ ነገርኳት። ሳቢያን ከሚገኘው የወላጆቿ ቤት አንድ የፕላስቲክ ፋይል ይዛ መጣች፤ እናቷ ከአንደኛ ክፍል ካርድ ጀምሮ አንድም ሳይጥሉ አስቀምጠውላታል። ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸውና የእንግሊዝኛውን ስም ብቻ ጣታችንን እያስኬድን አነበብን።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ የ2009 ዓ.ም፦ Meseret። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የ2011 ዓ.ም፦ Meseret። በ2012 ዓ.ም ስትገባ የተሰጣት የተማሪ መታወቂያ፦ Meseret። በየሴሚስተሩ የወሰደቻቸው የውጤት ወረቀቶችና ከምረቃ በፊት ያወጣችው ስቱደንት ኮፒ፦ ሁሉም Meseret። ከዚያ የመውጫ ፈተና ውጤቷ ላይ ደረስን፤ Mesert። ጊዜያዊ ዲግሪ፣ Mesert። ኦሪጅናል፣ Mesert።

ፊደሏ የወደቀችበት ቦታ ታወቀ ማለት ነው። የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ በሁሉም የትምህርት መስኮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2015 ዓ.ም ነው፤ የመሠረት ባች የመጀመሪያው ተፈታኝ ነበር። ለዚያ ፈተና የተፈታኞች ዝርዝር ተዘጋጅቶ መላክ ነበረበት። የተማሪው ውጤት ከተቀመጠበት ሲስተም በቀጥታ ቢወጣ ኖሮ ስሙ እንደ ስቱደንት ኮፒው ትክክል ይሆን ነበር። ትክክል አለመሆኑ ዝርዝሩ በእጅ እንደገና መተየቡን ያሳያል፤ ዲግሪውም የታተመው ከዚሁ ዝርዝር ነው። ይህን እኛ ለማሳመን የፈጠርነው ነገር አይደለም፤ ወረቀቶቹ ተደርድረው ሲታዩ ራሳቸው የሚናገሩት ነው።

ይህ ድርደራ ቀላል ቢመስልም ማመልከቻው ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። ፊደሏ 12ኛ ክፍል ውጤት ላይ ጎድላ ቢሆን ኖሮ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ምንም ሊያደርግላት አይችልም ነበር፤ የተቀበላት በዚያ ወረቀት ነውና «መጀመሪያ ፈተና አገልግሎት ሄደሽ እሱን አሳርሚ» ይላታል፤ ትክክልም ነው። ራሷ በሞላችው የመግቢያ ቅጽ ላይ ጎድላ ቢሆንም ነገሩ ይከብዳል፤ ያኔ የስህተቱ ባለቤት አመልካቿ ናት፤ የ12ኛ ክፍሉን ወረቀት ይዛ የራሷን ቅጽ ማስተባበል ይኖርባታል። የመሠረት ግን ከሁሉ የቀለለው ነው። ዩኒቨርሲቲው ያወጣቸው ሁለት ሰነዶች፣ ስቱደንት ኮፒውና ዲግሪው፣ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያደረግነው የጥያቄውን ትርፍ መላጨት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተከራከርን።

የ«ፀ» እና የ«ጸ» ነገር በቶሎ አለቀ። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደላት በመለዋወጣቸው ዲግሪ ስህተት አለበት የሚል መሥሪያ ቤት በሥራ ዘመኔ አላየሁም፤ ባንኩም አላነሳውም። አባቷ በየትኛው «ጸ» እንደሚጽፉ ለእሷ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ይገባኛል። ማመልከቻው ውስጥ ሲገባ ግን የሚያነበው ሰው «ይቺ ልጅ ስሟን በሙሉ ልታድሰው ነው እንዴ?» እንዲል ያደርገዋል።

የአያቷ ስም ግን ከባድ ነበር። 12ኛ ክፍል ላይም፣ ዩኒቨርሲቲው ዘንድም ሁሉም ቦታ Woldegiorgis ነው። ፓስፖርቷና ፋይዳዋ ላይ Weldegiorgis ነው። እሷ አጋጣሚውን ተጠቅማ ሁሉንም አንድ ማድረግ ፈለገች፤ ፍላጎቱ ያለአግባብ አይደለም፤ ነገ ለማስተርስ ውጭ አገር ስታመለክት ሊጠየቅ ይችላልና። ችግሩ ዩኒቨርሲቲው እዚህ ላይ ምንም አለመሳሳቱ ነው። «ወልደ» የሚለውን አንዱ በ o ሌላው በ e ይጽፈዋል፤ ዩኒቨርሲቲው የ12ኛ ክፍሉን ጠብቆ አትሟል። ይህን እንዲያርም መጠየቅ ትክክል የሆነውን እንዲለውጥ መጠየቅ ነው፤ ያ ደግሞ ያለጥርጥር ወደዚያ «የፍርድ ቤት ውሳኔ ይቅረብ» ወደሚለው ይመልሳል። መስተካከል ካለበት የሚስተካከለው በኋላ የወጣው ነው፤ የ12ኛ ክፍሉንና ዲግሪውን አስረጂ አድርጎ ፋይዳው ላይ ማሳረም፣ ፓስፖርቱንም በሚታደስበት ጊዜ። ያ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ማመልከቻ ነው። በመጨረሻ ተስማማን፤ ለሬጅስትራር የሚሄደው ደብዳቤ ስለ አንዲት e ብቻ ይናገራል።

ስለ አነጋገሩም አንድ ነገር ልበል። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለት ነውር አይደለም፤ እኛ እንዲሁ ነን። ደብዳቤ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ልመናውም እንዲሁ አይሠራም። ደብዳቤው ለአንድ ሰው የሚነገር ሳይሆን ለጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ስለሆነ «እንዲታረምልኝ»፣ «እንዲሰጠኝ» እያለ መሄድ አለበት፤ ማን እንደሚያርመው የመምራቱ ሥራ የኃላፊው ነው። «ያጠፋው ሠራተኛ» የሚል ቃልም አስወጣን። ደብዳቤው የሚደርሰው ምናልባት ለዚያው ሠራተኛ ነው።

የተላከው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ ቁጥሮቹን ብቻ አውጥቻለሁ።

ቀን፦ ……………

ለ………… ዩኒቨርሲቲ
ዋና ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
…………

ጉዳዩ፦ በዲግሪዬ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የተፈጠረ የስም ፊደል ግድፈት እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች መሠረት ፀጋዬ ወልደጊዮርጊስ፣ የመለያ ቁጥር …………፣ በመደበኛው መርሐ ግብር በአካውንቲንግ ትምህርት ክፍል ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ተምሬ በ2015 ዓ.ም በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄያለሁ።

በዩኒቨርሲቲው መዝገብ፣ በተማሪ መታወቂያዬና በተሰጠኝ ስቱደንት ኮፒ ላይ የእንግሊዝኛ ስሜ Meseret Tsegaye Woldegiorgis ተብሎ በትክክል ተመዝግቧል። በጊዜያዊና በዋናው ዲግሪዬ ላይ ግን Mesert Tsegaye Woldegiorgis ተብሎ ታትሟል። ግድፈቱ በራሴ ስም ላይ፣ በ r እና በ t መካከል ያለችው e መዘለሏ ብቻ ነው። የአባቴና የአያቴ ስም እንዲሁም የአማርኛው ጽሑፍ ትክክል ናቸው።

ያቀረብኩት ጥያቄ የስም ለውጥ ሳይሆን፣ የታተመው ስም በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ካለው ጋር እንዲስማማ ነው። ስለዚህ፦

ከመግቢያ ሰነዶቼ ጋር ተገናዝቦ ዲግሪዬ ታርሞ በድጋሚ እንዲታተምልኝና ግድፈት ያለበት ዲግሪ ተመላሽ እንዲደረግ፤ እርማቱም በተመራቂዎች ዝርዝርና በግል ማኅደሬ ላይ እንዲሰፍር፤

ዲግሪው ታትሞ እስኪደርስ ድረስ Mesert እና Meseret ተብለው የተጻፉት ስሞች የአንድ ተመራቂ፣ የእኔ መሆናቸው ተገልጾ ለቀጣሪዬ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ፊርማ፦ ……………
መሠረት ፀጋዬ ወልደጊዮርጊስ
ስልክ፦ ……………

አባሪ፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የተማሪ መታወቂያ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ጊዜያዊ ዲግሪና ዋናው ዲግሪ፣ የቀጣሪ መሥሪያ ቤት የጥያቄ ደብዳቤ፣ የእያንዳንዳቸው ቅጂ

ከአንድ ገጽ አላለፈም። ይዘቱ ላይ ለምን እንዲህ እንደሆነ የምለው አለ።

ስለ ጉዳዩ መስመር ልጀምር። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ገቢ መዝገብ ላይ የሚገለብጠው ያችን መስመር ነው፤ ኃላፊውም ለማን እንደሚመራው የሚወስነው ብዙ ጊዜ ከዚያች አልፎ ሳያነብ ነው። «የስም ጉዳይን ይመለከታል» ቢባል ወዴትም ሊመራ ይችላል። «የፊደል ግድፈት» ሲባል ግን በቀጥታ ሪከርድ ክፍል ይገባል። «የስም ለውጥ ሳይሆን» የሚለውን ሐረግ ደግሞ ሆን ብለን ያስገባነው ያቺ ኅዳግ ላይ የተጻፈች ማስታወሻ ፋይሏ ውስጥ እንዳለች ስለምናውቅ ነው። ፋይሏን የሚያወጣው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የድሮውን ማመልከቻ ነው፤ ሁለቱ ለምን እንደሚለያዩ ከደብዳቤው ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት።

ትክክለኛውና የተሳሳተው ስም ሙሉ በሙሉ ከነአባትና ከነአያት መጻፋቸውም፣ ፊደሏ የት ቦታ እንደጎደለች መነገሩም ከልምድ የመጣ ነው። «ስሜ ተሳስቷል» ብቻ የሚል ማመልከቻ ሲመጣ ሠራተኛው ራሱ እየገመተ ይፈልጋል፤ ከዚያ አንዱን አርሞ ሌላውን ያበላሻል። በሥራ ላይ ሳለሁ የታረመ ዲግሪ ሌላ ስህተት ይዞ ተመልሶ መጥቶ ያውቃል፤ የአባት ስም ሲታረም የራስ ስም የሳተበት። ለዚያ ነው «የቀሩት ትክክል ናቸው» የሚለውም የተጻፈው፤ የማይነካውን መናገር የሚነካውን ከመናገር አያንስም።

የተመራቂዎች ዝርዝር ነገር ብዙ አመልካቾች የማያነሱት ነው። ዲግሪው እንደገና ታትሞ እጅ ቢገባም፣ በዩኒቨርሲቲው ሴኔት በጸደቀው የምሩቃን ዝርዝር ላይ ስሟ Mesert ሆኖ ከቀረ ችግሩ ተኝቶ ይቆያል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ቀጣሪ «ይህ ዲግሪ የእናንተ ነው ወይ?» ብሎ ሲጽፍ መልስ የሚሰጠው ሠራተኛ የሚገልጠው ዝርዝሩን ነው። እዚያ Meseret የሚባል አያገኝም። «በዚህ ስም የተመረቀ የለም» የሚል መልስ ከወጣ ደግሞ ነገሩ የፊደል ግድፈት መሆኑ ይቀርና የሐሰት ሰነድ ጥርጣሬ ይሆናል። የጸደቀ ዝርዝር አይፋቅም፤ የእርማት ማስታወሻ ተያይዞ ግን ይቀመጣል። የጠየቅነውም ያንን ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ ለቀጣሪው ይጻፍልኝ የሚለው፣ የሙከራ ጊዜውን የሚያድን ነው። ዲግሪ በድጋሚ ማሳተም ቀላል አይደለም። የሚታተምበት ወረቀት በቁጥር የሚወጣ ነው፤ የሬጅስትራሩና የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜም ተጠራቅሞ በአንድ ላይ ነው የሚፈረመው። ደብዳቤ ግን ሬጅስትራሩ ራሱ ፈርሞ ማኅተም የሚያሳርፍበት ነው። ደግሞም ለባንኩ ተብሎ በአድራሻ የሚጻፍ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሚለው ይልቅ ይከብዳል፤ ተቀባዩ ፋይሉ ውስጥ አስገብቶ ጉዳዩን ይዘጋበታል። ባንኩ የማረጋገጫ ጥያቄውን በራሱ ደብዳቤ እንዲጽፍላት አድርገን ከአባሪው ጋር ያያያዝነው ለዚህ ነው፤ ሬጅስትራሩ መልስ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ለመሥሪያ ቤትም ጭምር እንዲሆን።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጀ። አንዱ ለመዝገብ ቤት፣ አንዱ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ከእሷ ጋር የሚቀር። ይህን ቅጂ ይዞ የማይመለስ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ «የት አለ ማመልከቻሽ?» ሲባል መልስ የለውም። የገቢ ቁጥሯን በስልክ እየጠቀሰች ማን ጋ እንደደረሰ ትከታተል ነበር። ዋናውን ዲግሪ ደግሞ አስቀድማ በሰነዶች ማረጋገጫ ቅጂው ከዋናው ጋር ተገናዝቦ እንዲረጋገጥላት አደረገች፤ የተሳሳተው ሲመለስ ባዶ እጇን እንዳትቀር ነው። ዲግሪውን ላሚኔት አላደረገችም ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ላሚኔት የተደረገ ዲግሪ ላይ ደረቅ ማኅተሙ በጣት አይዳሰስም፣ ሲመለስም መሰረዣ ማኅተም አይቀበልም። ከዚህ የባሰው ግን የጎደለችውን ፊደል በእስክሪብቶ የሚጨምር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰነድ በእጄ ገብቶ ያውቃል፤ ባለቤቱ እውነተኛ ተመራቂ ሆኖ ሳለ የተነካካ ሰነድ ይዞ በመገኘቱ ብቻ ብዙ ተንገላቷል።

በዚህኛው ዙር ኅዳጉ ላይ የተጻፈው «ሪከርድ፣ ከማኅደሩ ጋር ተገናዝቦ ይቅረብልኝ» የሚል ነበር። ሪከርድ ክፍል ፋይሉን አወጣ፣ የ12ኛ ክፍሉን ቅጂ፣ የመግቢያ ቅጹንና ስቱደንት ኮፒውን ከዲግሪው ጋር አስተያየና ግድፈቱ ከኅትመት የመጣ መሆኑን በአጭር ማስታወሻ መለሰ። ለባንኩ የተጻፈው ደብዳቤ በዚያው ሰሞን ወጣ። መሠረት ራሷ ተቀብላ ልታመጣው ብትችልም ባንኩ በፖስታ ታሽጎ በመዝገብ ቤት በኩል እንዲላክለት ፈለገ፤ ለማረጋገጫ ደብዳቤ ደግሞ ይህ የተለመደ ነው። ሙከራዋ ሳያልቅ ደረሰና ቅጥሯ ጸና።

ዲግሪው ቆየ። ማሳተሚያ ክፍያ አልጠየቋትም፤ ስህተቱ የጽሕፈት ቤቱ መሆኑ በማስታወሻው ስለተጻፈ። ሲደርስ ግን ራሷ መሄድ ነበረባት፤ ሌላ ሰው እንዲቀበልላት ብትፈልግ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ያስፈልጋት ነበር። ማመልከቻ ማንም ሊያስገባ ይችላል፤ ዲግሪ ግን ለማንም አይሰጥም። ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር አደራ አልኳት፤ ተቀባይ መዝገብ ላይ ሳትፈርሚ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመሽ ስምሽን ከኋላ ወደ ፊት አንብቢ። t፣ e፣ r፣ e፣ s፣ e፣ M። ከፊት ወደ ኋላ ያነበበ ሰው የሚያየው የሚያውቀውን ስም ነው፤ ከኋላ ያነበበ ግን ፊደሎቹን ያያል። የትምህርት ክፍሉን ስም፣ የምረቃውን ቀንና የአማርኛውንም እንዲሁ። ፈርሞ ከወጡ በኋላ የተገኘ ስህተት እንደ አዲስ ማመልከቻ ይቆጠራል።

ትክክል ነበር። አሮጌው ዲግሪ እሷ ባለችበት «የተሰረዘ» የሚል ማኅተም ተመቶበት ከፋይሏ ጋር ተያያዘ።

የመውጫ ፈተናው ውጤት ግን አሁንም Mesert ነው። እሱ ያለው ትምህርት ሚኒስቴር ዘንድ ስለሆነ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር እጁን ሊያስገባበት አይችልም፤ የሚችለው በራሱ ደብዳቤ እንዲታረም መጠየቅ ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ መሠረት ሌላ አጭር ማመልከቻ አስገብታለች፤ አዲሱን ዲግሪና የሪከርድ ክፍሉን ማስታወሻ አያይዛ። ባንኩ ስለዚያ ውጤት ስላልጠየቃት አትቸኩልም። የአያቷን o እና e ደግሞ ፓስፖርቷ ሲታደስ ልታነሳው ይዛዋለች፤ ለዚያ የሚያስፈልገው የ12ኛ ክፍል ወረቀት እናቷ ፋይል ውስጥ ተመልሶ ገብቷል።